እፍኝ ጤና አዳም

እማማ ሜትር የሚለውን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣላቸው የሚያስታውስ የለም፤ ምክንያቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቢጫዋ የወገብ መለኪያ ሜትር ከአንገታቸው ወርዳ አታውቅም። ገበያ ሲወጡም፣ የታመመ ሲጠይቁም እዚያው እንደተንጠለጠለች ነው። አንድ ቀን ከነሜትራቸው ወንበር ላይ ሲያንቀላፉ ልጃቸው ደርሶ «እማዬ፣ እንቅልፍሽንም ልትለኪው ነው እንዴ?» ቢላቸው «ለክቼዋለሁ፣ አጥሮኛል» ብለው መልሰው ተኙ።

በሥራቸው ቀልድ አያውቁም። የወገብ ልክ በጣም ትንሽ እንኳ ቢዛነፍ፣ ደንበኛዋ «ይሁን፣ ማን ያየዋል?» ብትላቸው፣ «እኔ አየዋለሁ» ብለው ቀሚሱን ፈትተው እንደገና ይሰፉታል። ከዚህ የተነሳ አንድ ኩራት ነበራቸው። ሴት ስታረግዝ ከሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ ይሉ ነበር። የደንበኛ ወገብ ሰፋ ብሎ ሲያገኙት ሜትሯን እንደያዙ ቀና ይሉና «እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ ዳቦ አብዝተሻል?» ይላሉ። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ትቀላለች። ከዚያ ለቀጣይዋ ደንበኛ ያወሩታል። ክፋት የለባቸውም፤ ወሬ ሆዳቸው አያድርም፣ በቃ።

ከቤታቸው ጀርባ፣ ደረጃው ላይ፣ አሮጌ የቀለም ቆርቆሮዎች ውስጥ የተተከሉ ሁለት ቅጠሎች ነበሯቸው፤ ጤና አዳምና በሶብላ። ሆዱን የቆረጠው፣ ጉንፋን የያዘው፣ ራሱን ያመመው ሁሉ የእማማ ሜትርን የጓሮ በር ያንኳኳል። ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም አፍልቶ መጠጣት፣ ለጉንፋን በሶብላ አፍልቶ እንፋሎቱን መታጠን ነው። «ስንት ላድርገው?» የሚላቸው ሲገኝ እጃቸውን ጨበጥ አድርገው «እፍኝ» ይላሉ። የማን እፍኝ እንደሆነ ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም። የብረት ሠራተኛው መዳፍ የእሳቸውን እጥፍ ይሆናል፤ የእሱም እፍኝ፣ የእሳቸውም እፍኝ። ለጨርቅ ያን ያህል የሚጨነቁ ሴትዮ ለሰው ሆድ ሲሆን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰፍሩት።

ምልክት አልጠፋም ነበር። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ክንዱን አሞት ጤና አዳም ወቅጦ አሸበትና ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ክንዱ ቀልቶ ውኃ ቋጠረ፤ ጠባሳውም ለብዙ ጊዜ ጠቁሮ ቀረ። አምጥቶ ሲያሳያቸው «ፀሐይዋ ናት፤ የኔ ቅጠል ሰው አያቃጥልም» አሉት። ግማሹ ልክ ነበር፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ነው የሚያቃጥለው። እሳቸው ግን ፀሐይዋን ወቅሰው ቅጠሉን ነጻ አወጡት።

አሁን ወደ ምራታቸው ልምጣ። ልጃቸው ሩቅ መንገድ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። የሚኖሩት ከእማማ ሜትር ጋር፣ ከስፌት ክፍሉ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። ድምፅዋ የማይሰማ፣ የሰጧትን የምትቀበል ልጅ ናት። ከዚህ ቀደም አርግዛ ነበር። እማማ ሜትር ያኔ ደስታው አላስቀምጥ ብሏቸው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንንሽ ሸሚዞች መስፋት ጀመሩ፤ ለገባው ደንበኛ ሁሉ እያነሱ ያሳዩ ነበር። ፅንሱ ግን ወረደ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ መንገድ በወጣች ቁጥር አንዷ «እንዴት ነው፣ ገፋ?» ትላታለች፤ ሌላዋ ሰምታ ኖሮ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ያን ጊዜ በልቧ ወሰነች፤ ሁለተኛ ቢመጣ፣ እስኪጸና ድረስ ከባሏ በቀር ለማንም አትናገርም። በተለይ ለአማቷ።

ሁለተኛው መጣ። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፣ ታችኛው ሆዷን ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋታል። እማማ ሜትር አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ሆዷን ይዛ አዩዋት።

«ምነው ልጄ?»

«ምንም አይደል እማዬ፣ ሆዴን ትንሽ ቆረጠኝ።»

«የትምህርት ቤቱ ምግብ ነው። ቆይ፣ አሁን እነቅለዋለሁ።»

እርግዝና ይሆን ብለው አላሰቡም እንዳይባል፣ አስበዋል። ግን በዚያው ሳምንት አዲስ ቀሚስ ሊሰፉላት ወገቧን ለክተዋታል፤ ልኩ እንደ ድሮው ነው። ሜትሯ የለም ካለች የለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወገብ ምንም እንደማይናገር፣ ይህን ሁሉ ሴት ለክተው አልገባቸውም። ልጅቷን መጠየቅ ደግሞ አላሰኛቸውም፤ የሚያውቁትን ለምን ይጠይቃሉ?

ጤና አዳሙን አንድ እፍኝ፣ ሽታው እንዲጣፍጥ ብለው በሶብላም ጨምረውበት፣ ውኃው ግማሽ እስኪሆን አፈሉት። በኩባያ ሞልተው ሲሰጧት ልጅቷ አፏ ላይ አድርሳ ቆም አለች።

«እማዬ፣ ይሄ ለማንኛውም ሰው ይሆናል?»

«ለማን ነው የማይሆነው? ቅጠል እኮ ነው! ለጠላቴም አልነፍገው» ብለው ሳቁ።

ጠጣችው። መራራ ነበር። በማግስቱም ጠዋት ቁርጠቱ ስላልለቀቃት ሌላ ኩባያ ሰጧት፤ ይኼኛው ከፊተኛው የወፈረ ነበር። ከትምህርት ቤት ከሰዓት በፊት ተመለሰች፤ አስመልሷት ነበር፣ ፊቷም አመድ መስሏል። የስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመችና ደንበኞች እንዳይሰሙ ዝቅ ብላ «እማዬ፣ ደም አየሁ። እርጉዝ ነኝ» አለች።

እማማ ሜትር የሚሰፉትን ጥለው ተነሱ። ያኔ ነው የትናንት ጥያቄዋ ትዝ ያላቸው። ለማንኛውም ሰው ይሆናል? እሷ የጠየቀችው ስለ ቅጠል መስሏቸው ነበር።

ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። መቀበያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሴቶች ግማሾቹ የለበሱት የእማማ ሜትርን ስፌት ነው። ሰላም ሲሏቸው አልመለሱም። አዋላጅ ነርሷ ልጅቷን አስተኝታ መጋረጃ ሳበች፤ መጋረጃ ደግሞ ድምፅ አይከልልም።

«የወሰደችው ነገር አለ? መድኃኒት? የባህል ነገር?»

«ሻይ ነው» አሉ እማማ ሜትር።

«የምን ሻይ፣ እናቴ?»

«የቅጠል።»

«የምን ቅጠል?»

«ጤና አዳም። ከበሶብላ ጋር።» ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ወሬ ጸጥ አለ።

«ስንት?»

እዚህ ላይ እማማ ሜትር ዋሹ። «አንዲት ቀንበጥ» አሉ። «ጣል ብቻ ነው ያደረግኩት።»

ነርሷ ወደ ልጅቷ ዞረች። «እውነት ነው?»

ልጅቷ አማቷን አየቻቸው። ደም እየፈሰሳት፣ ልጇን ላጣ ነው ብላ እየፈራች፣ «እማዬ እንዳሉት ነው» አለች። ልታሳፍራቸው አልፈለገችም።

እማማ ሜትር በዕድሜያቸው እንደዚያ አፍረው አያውቁም። በሰው ፊት መዋረዱ አይደለም፤ እሱን ቀድመው ፈርተውት ነበር። ያሳፈራቸው ይህች ዝም ያለች ልጅ የእሳቸውን ውሸት በራሷ ልጅ ሂሳብ ልትሸፍንላቸው መሆኑ ነው። ሜትሯን ከአንገታቸው አውርደው በእጃቸው ጨበጧት።

«ዋሽቻለሁ» አሉ ጮክ ብለው፤ መጋረጃውን ረስተውታል። «እፍኝ ሙሉ ነው። ውኃው ግማሽ እስኪሆን ነው ያፈላሁት። ማታ አንድ ኩባያ፣ ጠዋት አንድ ኩባያ። የጠዋቱ ይብሳል። እርጉዝ ነሽ ወይ ብዬም አልጠየቅኳት።»

ነርሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣቸው ደስ ባላቸው ነበር። «ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር በምንም መጠን አይሰጥም፣ እናቴ» አለች። «ማህፀን ያኮማትራል፣ ደም ያመጣል። ላላረገዘም ቢሆን ሲበዛ ሆድ ያቆስላል፣ ያስመልሳል፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። በሶብላ ወጥ ውስጥ ለቅመም ያህል ገብቶ አይከፋም፤ አወፍሮ አፍልቶ እንደ መድኃኒት መጠጣት ግን ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መጠንቀቅ አለበት።»

«ታዲያ ይሄን ያደረገው ቅጠሉ ነው?»

«ነው ልልዎት አልችልም። በዚህ ጊዜ ደም በብዙ ምክንያት ይታያል። አይደለም ልልዎትም አልችልም።»

ይህ መልስ ከሁሉ የከፋ ነበር። ነው ብትላቸው አልቅሰው ይወጣላቸው ነበር፤ አይደለም ብትላቸው ይተነፍሱ ነበር።

አልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ደጋግሞ አመላለሰ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ልጅቷ አዞረና አንዲት የምትርገበገብ ነጥብ አሳያት። «ልቡ ይመታል» አለ። «ደሙ እስኪቆም እዚህ ትቆያለሽ። ኩላሊትና ጉበትሽንም በደም ምርመራ እናያለን። ተስፋ አለው፤ ዋስትና ግን አልሰጥሽም።» እማማ ሜትር ነጥቧን ለማየት አልተጠጉም። አልጋው ግርጌ ቆመው ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ደሙ ቆመ። ምርመራውም ደህና ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ባሏም ከመንገድ መጥቶ እናቱን ቀና ብሎ ሳያያቸው ቀናት አለፉ። ጤና አዳሙ አሁንም ደረጃው ላይ አለ፤ አልነቀሉትም። አንኳኩቶ ለሚለምናቸው ግን አይሰጡም። «እርጉዝ ነሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? እንግዲያው ጤና ጣቢያ ሄደሽ ጠይቂ» ይላሉ። አንድ ቀን ይህንኑ ከልማዳቸው የተነሳ ፀጉር አስተካካዩን «እርጉዝ…» ብለው ጀምረውት ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም። እጅጌውን ገልበው ጠባሳውን ካዩ በኋላ «ያኔ ይቅርታ አልጠየቅኩህም» አሉት።

ትንንሾቹን ሸሚዞች ለማንም አላሳዩም። የደንበኛ ወገብ ሲሰፋም አይተው እንዳላዩ ጽፈው ያልፋሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ምራታቸው ተጋድማ ሳለ በኩባያ ሻይ ይዘውላት ገቡ። ድሮ የሰጧትን ሁሉ ሳታይ የምትጠጣው ልጅ ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ፈገግም አለችላቸው። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው በትህትና፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«እማዬ፣ ምን ገብቶበታል?»

«ውኃ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ ልጄ።»

ልጅቷ ኩባያውን አሸተተችው። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ። ከዚያ ጠጣች። እማማ ሜትር «ጠይቀሽ ደግ አደረግሽ» አሏትና ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ቀዳዳው አልታያቸው አለ።