ሊጡ የለቀቀው ብረት

ምስክር በልጅነቱ ሐይቅ ዳር ካለ ገዳም ዳዊት የደገመ፣ ኋላም በዲቁና ያገለገለ ሰው ነው። የኔታ አንዲት ቃል ከሳተ ከመዝሙሩ ራስ ያስጀምሩት ነበር። ካደገ በኋላ ኬሚስትሪ ተማረና ደሴ በሚገኝ የምግብ ምርመራ ቤት ቴክኒሺያን ሆነ። ቤቱ ግን ሐይቅ ከተማ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል።

በ2013 ዓ.ም. ከሠራው ሁሉ አብልጦ የወደደው ሥራ መጣለት። የአካባቢው ነፍሰ ጡሮች ጤፍ እየበሉ፣ ጤፍ ደግሞ ብረት እያለው፣ ደም ማነስ ለምን ይይዛቸዋል? ተጠርጣሪው ፋይቴት ነው። ፋይቴት እህል ፎስፈረሱን የሚያከማችበት ነገር ሲሆን ብረትና ዚንክን ጨምድዶ ይይዛል፤ አንጀት ሳይወስዳቸው አብረው ያልፋሉ። ሊጥ ሲቦካ ግን ይኮመጥጣል፣ መኮምጠጡም ፋይቴትን የሚፈረካክሱት ኢንዛይሞች እንዲሠሩ ያመቻቸዋል። ጥያቄው ሁለት ነበር፤ ቡኮ ፋይቴቱን ይቀንሳል ወይ? ከቀነሰስ ብረቱ በእርግጥ ለሰውነት ይደርሳል ወይ?

ለናሙና ከውጫሌ በላይ ወዳለው መንደር ወጣ። ታላቅ እህቱ አሰገደች የተዳረችው እዚያ ነው። ከአሥራ ሁለት ቤት የጤፍና የማሽላ ድብልቅ ሊጥ ቀዳ፤ አንድ ጊዜ በተቦካ ዕለት፣ ሌላ ጊዜ በሦስተኛው ቀን። መመርመሪያው ሐምራዊ ፈሳሽ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው በውስጡ ያለው ብረት ነውና ፋይቴት ሲገባበት ብረቱን ይነጥቀዋል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። የመጀመሪያው ቀን ሊጥ ፈሳሹን አነጣው። የሦስተኛው ቀን ግን ሐምራዊነቱን እምብዛም አልነካውም። ሲሰላ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፋይቴት ጠፍቷል።

ምስክር ደስታውን መያዝ አልቻለም። ሁለተኛው ጥያቄ ገና ሳይነካ፣ በሚቀጥለው እሁድ በዚያው በእህቱ መንደር ሰንበቴ ላይ ቆሞ ተናገረ።

«እናንተ ሳታውቁት መድኃኒት ስታቦኩ ኖራችኋል! ሦስት ቀን የቦካ እንጀራ የበላች ሴት ደም አያንሳትም» አለ።

ሴቶቹ እልል አሉ። መምሬ ገብረ ኢየሱስ ጠላቸውን ጎንጨት አድርገው፣ «ይሄማ ደግ ወሬ ነው» አሉ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ላይ ደሴም ሐይቅም በጦርነቱ ውስጥ ወደቁ። ምስክር ከቤቱ ሳይወጣ ከርሞ፣ ጎረቤቱ አብዱልሃሚድ ከሐይቁ አጥምዶ የሚያካፍለውን ዓሣ እየበላ ሰነበተ። ታኅሣሥ ላይ ደሴ ሲወጣ የምርመራው ቤት በር ተገንጥሎ አገኘው። ማቀዝቀዣው የለም። የናሙናው ብልቃጥ ወለሉ ላይ ተሰባብሯል። ሰው ተርፏል ብሎ አምላኩን አመሰገነ፤ ከባልደረቦቹ ጋር መስታወቱን ጠርጎ፣ እቃ ለምኖና ተውሶ፣ መንደሩ ወጥቶ ሊጥ እንደገና ቀዳ።

ሁለተኛው ጥያቄ የተመለሰው ግንቦት ላይ ነው። ከሊጡ የተጋገረውን እንጀራ ፈጭቶ ከአሲድና እንደ ሆድ ከሚፈጭ ኢንዛይም ጋር በሰውነት ሙቀት አቆየው፤ ከዚያ ስስ ከረጢት ነከረበት። ሽፋኑን አልፎ ከረጢቱ ውስጥ የገባው ብረት አንጀት ሊወስደው ይችላል ተብሎ የሚገመተው ነው። በዕለቱ ከተጋገረው፣ ከመቶው ሦስት እጅ አለፈ። ሦስት ቀን ከቦካው፣ ስድስት።

እጥፍ ሆኗል። ግን ስድስት ናት! የተረፈው ፋይቴት ጥቂት ቢመስልም ብረቱን ለማሰር ይበቃዋል፤ የቀዩ ማሽላ ቀለምም ያስራል፤ ከብረቱም ከፊሉ በአውድማው ከአፈር ጋር የገባ ነው፣ እሱ ለሰውነት አይፈታም። ምስክር ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደጋገመው። አልተለወጠም።

በዚያው ሳምንት የእህቱ ባል ታረቀኝ ለገበያ ሐይቅ ወረደና ቤቱ ጎራ አለ።

«አሰገደች አምስት ወሯ ነው» አለ እየሳቀ። «ጤና ጣቢያ አይረን የሚሉትን የብረት ክኒን ሰጥተዋት ነበር። ሆዴን ያውከኛል፣ ወንድሜም እንጀራው ይበቃል ብሏል ብላ ተወችው።»

ምስክር በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ውጫሌ ወጣ፤ የቀረውን በእግሩ ወጣው።

አሰገደች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከንፈሯ ገርጥቷል፤ ልትነሣ ስትል ግድግዳውን ያዘች።

«እታለም፣ ክኒኑን ዋጪ» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«ደሞ ምን ሆንክ? ራስህ አይደለህ እንጀራው ይበቃል ያልከው?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«ታዲያ ቡኮው ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። ማቡካቱ ይረዳል፣ ብረቱን እጥፍ ያደርገዋል። ግን ከጥቂት እጥፉ ጥቂት ነው። ላንቺና ለሆድሽ ልጅ አይበቃም። እኔ ግማሹን ለክቼ ሙሉውን አወራሁ።»

አሰገደች ሰፌዱን አስቀመጠች። ከዚያ ሳቅ አመለጣት። «የኔታ ቢሰሙ ከራሱ ያስጀምሩህ ነበር።»

ያን ቀን ጤና ጣቢያ አብሯት ሄደ፤ የደሟ ልክ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነበር፤ ለነፍሰ ጡር ከአሥራ አንድ ማነስ አልነበረበትም። ነርሷ ክኒኑን ከምግብ በኋላ ብትወስደው ሆዷን እንደማያውካት ነገረቻት።

የከበደው እሁዱ ነው። ሰንበቴው ላይ ቆሞ፣ «ባለፈው የነገርኳችሁ አልሞላም ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። ሁለት ብርጭቆ ሐምራዊ ፈሳሽ ይዞ፣ በአንዱ የዕለቱን፣ በሌላው የሦስት ቀኑን የተጣራ ሊጥ ጠብ አድርጎ አሳያቸው፤ አንዱ ነጣ፣ አንዱ ቀለሙን ያዘ። ከዚያ ስድስቷንም ነገራቸው።

መምሬ ገብረ ኢየሱስ «ተመልሶ የሚያርም ደብተራ ከማይሳሳተው ይሻላል። በል የሚጨመርበትን ንገረን» አሉት።

የሚጨመርበትን አብረው ፈለጉት። ፋይቴትን የሚፈረካክሰው ኢንዛይም በጤፍ ትንሽ ነው፣ በብቅል ብዙ። ብቅል ደግሞ ለጠላ ከሁሉም ቤት አይጠፋም። ዘሀራ የምትባል፣ ውጫሌ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት ነገሩን ሰምታ ሊጧ ላይ ብቅል ጨምራ ሞከረችና በሳምንቱ ተቆጥታ መጣች።

«ወላሂ ሊጤን ውኃ አደረግከው! ዓይን እንኳን አላወጣ፣ ምጣዱ ላይ ተጣበቀ።»

እውነቷን ነው፤ ብቅል ሊጡን ያያያዘውን ስታርችም ይበላዋል። ዘሀራ ራሷ መላ አመጣች፤ ያልበቀለ፣ ያልተቆላ የገብስ ዱቄት በአምስት እጅ አንድ እጅ። ጥሬ ገብስም ኢንዛይሙ አለው፣ ስታርቹን ግን እንደ ብቅል አያፈርስም። እንጀራው ዓይናም ሆነ፤ ፋይቴቱ ሲለካ ከጤፍና ማሽላው ቡኮ ይበልጥ ወረደ፤ በከረጢቱ ያለፈው ብረትም ከስድስት ወደ አሥር ደረሰ። ምስክር ይህችን አሥር ይዞ መንደሩ ሲመለስ አልጮኸም። «ገብስ ጨምሩ፣ ብረቱ እንዲያልፍ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቁ፣ ቡና ያስረዋልና ከምግቡ አርቁት፤ ያረገዘች ግን ክኒኗን አትተው» ብሎ ተቀመጠ።

አሰገደች ነሐሴ ላይ ስትለካ አሥራ አንድ ነጥብ አራት ገባች። ስንቱ በክኒኑ፣ ስንቱ በገብሱ እንደሆነ ታረቀኝ ቢጠይቀው፣ ምስክር «አብዛኛው በክኒኑ ነው፤ የቀረውን አላውቅም» አለው፤ አላውቅም ማለትም ቀለለው። መስከረም በገባ በሳምንቱ ሴት ልጅ ተወለደች፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። አርሴማ አሏት።

ምስክር ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከሐይቅ ደሴ ይመላለሳል። ዘሀራ ገብስ የገባበትን እንጀራዋን ውጫሌ ገበያ ታወጣለች፤ ደንበኞቿ የሚገዙት ስለ ብረቱ አይደለም፣ በማግስቱም ስለማይደርቅ ነው። ምስክር ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ አለመድረቁንም ልለካው ይሆን ብሎ አሰበ።