እትዬ ጥሩወርቅ ያረሙት ቁጥር

እትዬ ጥሩወርቅ ጅማ ያለው የፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ለዕድገት ሲያመለክቱ አንዴም አልተሳካላቸውም። የእኛን የመምህራኑን ስህተት ግን ሳይጠየቁ ያርማሉ። “ሰነፉ ቶሪየም” ብዬ ከፖሎኒየም ጋር ባወዳደርኩበት የፈተና ጥያቄ ላይ፣ የፖሎኒየሙን ዕድሜ መለኪያ “ሰከንድ” “ዓመት” አድርገው ታይፕ አደረጉት።

ተናድጄ ቢሯቸው ገባሁ። “ቶሪየም ግማሹ እስኪፈርስ አሥራ አራት ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ይሄኛው ፖሎኒየም የሰከንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይቆይም!”

“ጥያቄው ላይ እንዳለው፣ ከፖሎኒየሙ የሚወጣው የአልፋ ቅንጣት ጉልበቱ እኮ ከቶሪየሙ እጥፍ ቢሆን ነው፣ ሱፊያን። በእጥፍ ይህን ያህል ይለያያል?”

ንዴቴ በረደ፤ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም።

“አልፋው የአቶሙን አስኳል ያጠረውን የኃይል ግንብ ዘሎ አይወጣም፤ አቅሙ የለውም። ግንቡን በመታ ቁጥር ግን በውስጡ ሾልኮ የማለፍ ኢምንት ዕድል አለው። ጉልበቱ ትንሽ ሲጨምር ግንቡ ይሳሳለታል፤ ዕድሉ ደግሞ በብዙ ሺህ እጥፍ ያድጋል።”

“ቶሪየም ውስጥ ያለውስ ግንቡን ይመታል?”

“በየሰከንዱ! ከቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ በላይ።”

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን አመጡልኝ። “ሰከንድ” ወደ ቦታው ተመልሷል። “ሰነፉ” የሚለው ቃል ግን የለም።

ያንን እርማት አልነካሁትም።