ቀይ ክር በጂን ጠርሙስ አንገት

ሣህሉ የአንበሳሜ መሪጌታ ልጅ ነው። አባቱ ለድጓ ያሰቡት ልጅ ጣና ዳር ካለ የመንግሥት ሆቴል ባር ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «ልጄ ጽዋ ቀጂ ሆኗል፤ የማንን ጽዋ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ» ብለው ነበር አሉ። ሣህሉ ግን በሥራው አፍሮ አያውቅም ነበር። እፍረት የመጣችበት ዘግይታ ነው፤ ስትመጣም በባሩ በኩል ሳይሆን በገዛ አፍንጫው በኩል ነው የመጣችው።

አፍንጫው ሙያው ነበር። ሰው በዓይኑ የሚለየውን እሱ በአፍንጫው ይለየዋል። ከደልጊ የመጣችውን ረዳቱን የብርጓልን ሲያስተምራት፣ ከእንግሊዝ የመጣውን የጂን ጠርሙስ ከፍቶ አፍንጫዋ ሥር ይይዝላታል።

«ምን ሸተተሽ?»

«ጥድ፣ ጋሽ ሣህሉ።»

«ጥዱማ ማንም ይሸተዋል። የጥዱ ፍሬ አባወራው ነው፤ ቤቱን ቤት የሚያደርጉት ግን የቀሩት ናቸው። እስቲ ደግመሽ አሽቺ። ድንብላል ስታኝኪ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር አለ አይደል? አለልሽ። ከሥር ደግሞ አፈር አፈር የሚል ደረቅ ነገር ታገኛለሽ፤ እሱ አንጀሊካ የሚሉት የፈረንጅ ተክል ሥር ነው። የአይሪስ አበባ ሥርም አለበት፤ ዓመታት አድርቀው ነው የሚፈጩት። የሌሎቹን ሽታ ይዞ እንዳይበተኑ ያደርጋቸዋል።»

ደረቅ የለንደን ጂን የሚባለው ቅመሙ ሁሉ አብሮ ፈልቶ በእንፋሎት የሚወጣ፣ ከወጣም በኋላ ስኳር የማይጨመርበት መሆኑን ነገራት። ኦልድ ቶም የሚሉት ጣፈጥ ይላል። የሆላንዱ ብቅል ብቅል ስለሚል የአገራችንን አረቄ ያስታውሳል።

«እንግዲህ ልብ በይ» አላት። «ማርቲኒ መሸፈኛ የለውም። ጂን፣ ጥቂት ቨርሙት የሚሉት ደረቅ የቅመም ወይን፣ በረዶ፣ አለቀ። ጥዱና ሥራሥሩ የጎላ ደረቅ ጂን ይፈልጋል። ሄልና የብርቱካን ልጣጭ የበዛበትን ከቀዳሽበት ሰውዬው ሽቶ የጠጣ ይመስለዋል። ያንኑ ጂን ቶኒክ ውስጥ ብትጨምሪው ግን የኪኒኑ ምሬት፣ ስኳሩና ጋዙ ተሸክመው ያወጡታል፤ ሠርግ ነው።»

«ደረቁስ ለቶኒክ አይሆንም?»

«ይሆናል እንጂ! ደረቁ ሁለቱንም ቤት ያውቃል። ያ ቅመማሙ ነው ማርቲኒ ቤት ሲገባ የሚያሳፍርሽ።»

ይህን ሲናገር ማን እንደሚያፍር አላወቀም።

በሰባ አራቱ ክረምት ብርቱ ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ ሲሄድ ሽታን ይዞበት ሄደ። መጀመሪያ «ይመለሳል» ብሎ ተወው። አንድ እሑድ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ቆሞ ሳለ ዲያቆኑ ጽናውን ይዞ አጠገቡ አለፈ። ሣህሉ ጢሱን በዓይኑ አየው፤ ሌላ ምንም የለም። ቤቱ ሄዶ ነጭ ሽንኩርት ደቆሰ፣ ቀረፋ ሰበረ፣ የሚስቱን የቅቤ ቅል ከፍቶ ፊቱን ቀበረበት። ሁሉም እንደ ውኃ ሆነበት። ምላሱ ጣፋጩንና መራራውን፣ የመጠጡንም ማቃጠል ይነግረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚነግረው አጣ።

ለማንም አልተናገረም። አፍንጫው የጠፋ ባርማን እግሩ የተቆረጠ ፖስተኛ ማለት ነው፤ ማን ያቆየዋል? ደግነቱ በዚያን ወራት መጠጡ ከነጽሑፉ ስለሚመጣ ጠርሙሱን አንብቦ ይቀዳል። ቡሹን ከፍቶ አፍንጫውን ያስጠጋል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ «እሰይ» ይላል። እንግዶችም «አቤት ሙያ!» ይላሉ።

አንድ ቀን ማዕድ ቤት በኩል ሲያልፍ ላምባ ሽርጡ ላይ ፈሶበት ኖሮ ሳያውቅ ባር ገብቶ ቆመ። የብርጓል መጣችና «ጋሽዬ፣ ሽርጥዎ ቆሽሿል፣ ይስጡኝ ልጠብልዎ» ብላ አወለቀችለት።

ኅዳር ላይ የፈረንጁ ጠርሙስ አለቀ። ከአዲስ አበባ በምትኩ በትልልቅ ደሚጃን ሁለት ዓይነት ጂን ተላከ፦ አንዱ ደረቅ፣ ሌላው ሄልና የብርቱካን ልጣጭ የበዛበት። ሁለቱም እንደ ምንጭ ውኃ የጠሩ፣ ኃይላቸውም እኩል ነው። የብርጓል ባዶዎቹን የፈረንጅ ጠርሙሶች አጥባ ገለበጠችባቸው። በማግስቱ ጧት ሣህሉ ሲገባ በጠርሙሶቹ አንገት ላይ ክር ታስሮ አገኘ፤ በግማሾቹ ቀይ፣ በግማሾቹ ነጭ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቀዩ የማርቲኒው ነው፣ ነጩ የቶኒኩ። እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው፣ ጋሽዬ።»

ተመለከታት። የብርጓል የማይምታታባት ልጅ መሆኗን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዓይኗን ሰበር አደረገች፤ እንዳወቀችበት ያን ጊዜ ገባው። ሰው ገበናው ሲታይበት የሸፈነለትን ሰው ይቆጣል፤ ሣህሉም ተቆጣ።

«ባር ነው ወይስ የጠንቋይ ቤት? እኔ እያለሁ ክር ምን ያደርጋል!» አለና በሎሚ መቁረጫው ቢላ ክሮቹን አንድ በአንድ በጠሳቸው። ቀይ የነበሩትን በቀኝ፣ ነጭ የነበሩትን በግራ ደረደረ። አስታውሰዋለሁ ብሎ ነበር።

በዚያው ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይመጣል ተባለ። ሣህሉ ለእንግዳው ክብር ብሎ መደርደሪያውን በገዛ እጁ ወለወለ። ጠርሙሶቹን ሲመልስ ቀኝና ግራው ተደበላለቀበት። አንዱን አነሣ፣ አሸተተ፤ ምንም። ሌላውን አነሣ፤ ምንም። የብርጓል አጠገቡ ቆማ ሎሚ ትልጣለች። «እስቲ ይችን አሽቺልኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አፉ አልከፈት አለው።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ኃላፊው አንድ እንግሊዛዊ የውኃ መሐንዲስ ይዞ መጣ። መሐንዲሱ የቤቱ ደንበኛ ነው፤ በመጣ ቁጥር የሣህሉን ማርቲኒ ያወድሳል። ኃላፊው ጂን በቶኒክ፣ እሱ ማርቲኒ አዘዙ። ሣህሉ እንደ ዕጣ አንዱን ለዚህ፣ አንዱን ለዚያ አነሣ። ማርቲኒውን በበረዶ አማስሎ አቀረበ።

ኃላፊው ቶኒኩን ጠጥቶ «ግሩም ነው» አለ። ደረቁ ሁለቱንም ቤት ያውቃላ። መሐንዲሱ ግን አንዴ ፉት ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠና በተሰባበረ አማርኛው «ሣህሉ፣ ይህ ማርቲኒ አይደለም። ሽቶ ነው» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ አዘነ እንጂ። ኃላፊው ግን ፊቱ ጠቆረ።

ዓርብ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ለሂስና ግለ ሂስ ተሰበሰበ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ አንዱ ተነሥቶ «ሰዓት አላከብርም» ይላል፣ ይጨበጨባል፣ ይቀመጣል። ሰብሳቢው ጓድ አገኘሁ «የማርቲኒውን ጉዳይ ጓድ ሣህሉ ያስረዱን» አለ።

ሣህሉ ተነሣ። ሊናገረው ያሰበው ሌላ ነበር። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲተክልበት ግን «ጂኑን ወደ ጠርሙስ የገለበጠችው የብርጓል ናት» የሚል ቃል ከአፉ ወጣ። «የኔ ጥፋት… አለመቆጣጠሬ ነው» ብሎ ጨመረበት። ይህችን ነው እንግዲህ ግለ ሂስ ያላት።

የብርጓል አተኩራ አየችው። አንዲት ቃል ብትተነፍስ አለቀለት። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ተቀመጠች። ተጨበጨበ። ሣህሉም አጨበጨበ፤ እጁን የሚያሳርፍበት ስላጣ ነው ያጨበጨበው። በማግስቱ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛወረች።

ከዚያ ወዲያ ምግብ አልወርድ አለው። ባር ሲገባ የበጠሳቸው ክሮች ከመደርደሪያው ሥር ወድቀው ያያቸዋል፤ አጎንብሶ ማንሣት አፈረ። በመጨረሻ ወደ ማጠቢያው ሄደ። የብርጓል እስከ ክንዷ ሳሙና ውስጥ ናት፤ እጇ ተሸብሽቧል።

«ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

«እርስዎ ይናገራሉ ብየ ነዋ» አለች፣ አንሶላውን እየጨመቀች። «ሲነሡ ጊዜ ራስዎን ሊናገሩ መስሎኝ ነበር። እኔማ አዘንሁልዎ።»

ሰድባው ቢሆን ይሻለው ነበር። ደጅ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ቆመና አለቀሰ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሳይጠሩት ተነሣ። «ጓዶች፣ ያን ዕለት ዋሸሁ። ከክረምት ጀምሮ ሽታ የሚባል አላውቅም። ልጅቱ ክር አስራልኝ ነበር፤ በትዕቢት በጠስሁት። ጠርሙሱንም የቀላቀልሁ እኔ ነኝ፣ የቀዳሁም እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ አገኘሁ «ጓድ ሣህሉ፣ ለልጅቷ አዝነው ነው እንጂ አፍንጫ የሌለው ባርማን ወዴት አለ?» አለ።

ከኋላ ወጥ ሠሪዋ ባንቺአየሁ ተነሣች። «እውነታቸውን ነው። ላምባ ነክሯቸው ሲዞሩ እኛ ማዕድ ቤት አይተናል። የብርጓል ናት ‹ዋ! ማንም እንዳይናገራቸው› ብላ አፋችንን የያዘችው።»

ሳቁ ቆመ። ሣህሉ እኔ ደብቄዋለሁ ሲል ሌሎች ሲሸፍኑለት እንደኖሩ ሲሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ተወሰነ፤ የብርጓል የባሩ ኃላፊ፣ እሱ ረዳቷ እንዲሆኑ። በዚህኛውም ተጨበጨበ።

መሐንዲሱ እንደገና የመጣው ጥምቀት አልፎ ነው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና «ማርቲኒ፣ ከፈቀድክ» አለ፣ ወደ ሣህሉ እያየ። ሣህሉ ሁለት ጠርሙስ አነሣ። ቡሹን ከፍቶ ማስመሰል ለምዶት ነበር፤ አሁን ግን ጠርሙሶቹን ወደ የብርጓል ገፋቸው።

«የብርጓል፣ እኔ አይሸተኝም» አለ፣ እንግዳው እየሰማ። «የማርቲኒው የትኛው ነው?»

አሸተተች፤ አንዱን መልሳ ሰጠችው። ከዚያ ከሽርጧ ኪስ ቀይ ክር አወጣችና ባንኮኒው ላይ አኖረችለት።

«የበጠሱት እርስዎ ነዎት» አለች በቀስታ። «እርስዎ ይሰሩት።»

ሣህሉ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ እንግዳው እያየው፣ ክሩን በጠርሙሱ አንገት ዙሪያ አዙሮ አሰረው።