አክስቴን ያላወቃት ማሽን

አክስቴ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ቁርስ ቤት ልትከፍት ተነሳች። አስተማሪ ነኝና የንግድ ዕቅዱን መጻፍ እኔ ላይ ወደቀ፤ ብድር የሚሰጠው ተቋም ያለ ዕቅድ አያናግርም። ስለ ጨጨብሳውና ስለ ገንፎው ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ ሾፌሩንም ተማሪውንም ደንበኛ አደረግኳቸው። «ፈቃድ፣ የግብር ምዝገባና የምግብ ንጽህና» የሚለው ክፍልም እንደ ሌላው በአንድ ምሽት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ስደርስበት ግን አናቴ ዞረ።

ንግድ ቢሮ፣ መጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አምጪ አሉኝ። ቀጥሎ የንግድ ምዝገባ፣ ከዚያ ከጤና ቢሮ የብቃት ማረጋገጫ፣ ፈቃዱ መጨረሻ ላይ። ጤና ቢሮ ያለችው ባለሙያ ደግሞ ቤቱን በዓይኔ ሳላይ ማረጋገጫ አልሰጥም አለች፤ ውሃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ከማብሰያው የራቀ ሽንት ቤት፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ፣ የሚታጠብ ግድግዳ፣ የሠራተኞች የጤና ምርመራ። ግድግዳው በብድሩ ሊቀባ ነው፤ ብድሩ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። እንዴት ይሆናል ብዬ ስጨቃጨቃት፣ ቀለሙን ከኪሳችሁ ቀቡት፣ ምድጃና ጠረጴዛውን በብድሩ ትገዛላችሁ አለችኝ። የጻፍኩትን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። ገባኝ ያልኩ ቀን ሌላ ቢሮ ገብቼ እንደገና ይጠፋብኛል።

የግብር ቁጥሩን ማውጣት ቀላል ነው ተባልን፤ መታወቂያ ይዞ መሄድና አሻራ መስጠት ብቻ። ገቢዎች ሄድን። አክስቴ ጣቷን ማሽኑ ላይ አሳረፈች፤ አላነበበም። ሌላውን፣ የግራውንም፤ አላነበበም። ሠራተኛው በሶፍት ጠረገላት፣ እፍ አለበት፣ ወይ ፍንክች። ከወጣትነቷ ጀምሮ የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው የኖረችው። የጋለ ድስት፣ ሚጥሚጣ፣ በረኪና፤ የጣቷ ጫፍ ልሙጥ ሆኗል።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። «አዴ፣ እጅዎት ይረፍ። ቫዝሊን እየቀቡ ሥራ ሳይነኩ ይቆዩና ይምጡ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ ከቸኮላችሁ በአንቺ ስም ይውጣ አለ። ደስ አለኝ። የቤቱ አከራይ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የምጠብቃችሁ ብሎናል፤ ሌላ ተከራይ በሩ ላይ ቆሟል።

አክስቴ ግን ከቢሮው እንደወጣን በሩ ላይ ቆመች።

«ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ምግብ የሆቴሉ ምግብ ነው የሚባለው» አለች። «አሁን ደግሞ ያንቺ ሊባል ነው?»

ስም ብቻ እኮ ነው ልላት ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

እጄን ላሳርፍ ብላ ብትጠይቅ ሆቴሉ እረፍት አልሰጥም አለ። ሽርጧን አውልቃ ወጣች። አበድኩ! ቁጥር የለ፣ ብድር የለ፣ አሁን ደግሞ ደሞዝ የለ። የወሩ መጨረሻ እስኪቃረብ ወንበር ላይ እጇን በቫዝሊን አውዝታ ተቀመጠች፤ እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እሷ ከወንበሯ ሆና ወጤን ትሰድባለች። መዳፏን ደጋግማ ታያለች። አንድ ቀን አምላኳን ጠርታ፣ «ያ ዋቅ፣ ይሄ የማነው እጅ?» አለችኝ። እውነትም ለስልሷል፤ የእንግዳ እጅ ይመስላል። እኔ ማታ ማታ ዕቅዱን እከፍትና «የባለቤት ስም» የሚለው ቦታ ላይ እፈዛለሁ። ማሽኑ እንቢ ቢልስ? ስሜን ጽፌ ልጨርሰው? ራሷ የጀመረችው ነገር እኔን ለምን ያሳብደኛል? ሳልጽፍ እዘጋዋለሁ።

ተመልሰን ሄድን። ሰውየው አስታወሰን። አክስቴ ጣቷን አሳረፈች፤ ማሽኑ ጢጥ አለ። አንዱ፣ ሌላው፣ ሁሉም ገባ። እኔ ዕንባዬ መጣ፤ ሰውየውም ደስ ብሎት፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ከዛሬ ጀምሮ ግብር ከፋይ ነዎት አላት።

አክስቴ አልሳቀችም። ጣቷን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ ግራ የገባት ሰው ሆና ጠየቀችው።

«ስሠራ አላወቀኝም፤ ሥራ ስፈታ አወቀኝ። ነገ ምድጃ ስር ስገባ ይሄ ጣት መልሶ ይጠፋል። ግብሩን ታዲያ ከየትኛዋ ሴት ነው የምትቀበሉት?»

ሰውየው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። የተመዘገበችው ግን እሷ ነበረች፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ስር ከተተችና ወጣን።