ያልተወሰዱ ሱሪዎች

ወይዘሮ አሰለፈች ነገሪ ወለንጪቲ ተወልዳ ናዝሬት ያረጀች ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በአንዲት የቀበሌ ቤት፣ በአንዲት የእግር ስፌት መኪና ስትኖር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የሰው ጉልበት ትጠግናለች፤ የሱሪ ጉልበት ማለቴ ነው።

በሰኔ 1980 የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደረሳት። «ለመኖሪያ ብቻ የተከራዩትን ቤት ውሉን በመጣስ ለንግድ ስላዋሉት፣ በ15 ቀን ውስጥ ሥራውን አቁመው የደንበኞችን ዕቃ ለየባለቤቱ እንዲመልሱ፤ ይህ ካልሆነ ውሉ ተቋርጦ ቤቱን እንዲያስረክቡ በፍርድ ሸንጎ የምንጠይቅ መሆኑን እናስጠነቅቃለን።»

ውሉ እውነት ነው፤ ፈርማበታለች። የቤቱን ሕግ የጣሰ ግን እሷ ብቻ ነበረች? ሰፈሩ በሙሉ ጠላ ይሸጥ፣ ጠጅ ይጥል የለም ወይ? ይህን እኔ ጎረቤቷ እጠይቃለሁ፤ እሷ አልጠየቀችም። መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና ወደ ቀበሌ ሄደች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ገብረወልድ ቀና ሳይል፣ «እትዬ አሰለፈች፣ እንዴት አደሩ?» አላት።

«ይመስገን። ጓድ ገብረወልድ፣ መስፋቱን ትቻለሁ። ይኸው ነው የመጣሁበት።»

«ግድግዳው ላይ የተሰቀለውስ? ልብስ ተሰቅሎ እያየን ንግድ የለም ልንል ነው?»

«እሱማ የሰው ነው። ለጥገና ሰጥተውኝ ሳይወስዱት በአፈሳ ተይዘው ወደ ጦር ግንባር የሄዱ ልጆች ነው።»

«እንግዲያው ለቤተሰብ ይመልሱ። ቤታቸው ጠፋ እንዴ?»

«ቤታቸውማ አለ» አለች አሰለፈች። አጠገቡ የነበረው ጸሐፊ ሳቀ፤ ገብረወልድ ግን አልሳቀም።

አሥራ አራት ሱሪዎች ነበሩ። በየወገባቸው ስም የተጻፈበት ወረቀት በመርፌ ተይዟል። እኔ በመናፍስት የማምን ሰው አይደለሁም፤ መናፍስትን የሚያበዙት ሹማምንት ናቸው። ያየሁትን ግን አልክድም። አሰለፈች በየወሩ ትተኩሳቸዋለች፤ በወሩ ጉልበታቸው ላይ ተሸብሽበው ይገኛሉ፤ ሰው ለብሷቸው የተቀመጠ ይመስላል። የናዝሬት ነፋስ ነው እንዳይባል መስኮቱ ዝግ ነው። «ምን ላድርግ፣ ይደክማቸዋል» ትለኝ ነበር፤ እየቀለደች ይሁን አይሁን ለይቼ አላውቅም።

ቤቷን ላለማጣት መመለስ ነበረባት። በማግስቱ ከገብረወልድ ቤት ጀመረች፤ አንዱ ሱሪ የልጁ የንዋይ ነበርና። የገብረወልድ ሚስት ሸዋወርቅ ለስኳር ሰልፍ ሳትወጣ ላግኛት ብላ ጎሕ ሲቀድ ነጠላዋን ደርባ፣ ሱሪውን አጥፋ በሁለት እጇ ይዛ በሩን አንኳኳች።

እንግዲህ አስቡት። መርዶ በዚህ አገር የሚነገረው መቼ ነው? ሸዋወርቅ በሩን ከፈተች። አሮጊቷን አየች። ሱሪውን አየች። አንድ ቃል ሳትሰማ ራሷን ይዛ መሬት ላይ ወደቀች።

«ንዋዬ! ንዋዬ! ወየው ልጄን!»

«ኧረ እኔ እቴ፣ ምንም አልሰማሁም! ሱሪውን ልመልስ ነው!» አሰለፈች ብትጮህ ማን ይስማት? ጎረቤት ነጠላውን እየዘቀዘቀ ከየበሩ ወጣ። ግቢው ሞላ።

ገብረወልድ በካናቴራ ወጣ። ሚስቱን ከመሬት አላነሳም። «ውሸት ነው» አላለም። ወደ አሰለፈች ቀርቦ በሹክሹክታ፣

«ማን ነገረዎት?» አላት።

«ምኑን?»

ልቅሶው ቀጥ አለ። ሸዋወርቅ ከትቢያው ላይ ቀና ብላ ባሏን ትኩር ብላ አየችው።

«ገብሬ፣ ምኑን ነው?»

«ከአብዮት በዓል በኋላ ይነገር ተብሎ ነው» አለ፤ ድምፁ የወረቀት ድምፅ ነበር። «ትእዛዝ ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

«መቼ ደረሰህ?»

«ፋሲካ ሰሞን።»

ከሁለት ወር በላይ ከእሷ ጋር አንድ ገበታ ቀርቧል! «ንዋይ ሲመጣ» ስትል «አዎ» ብሏል! በዓል እንዳይደበዝዝ እናት በሙት ልጅዋ ተስፋ ታድርግ ያለውን ሹም ስሙን ባውቀው እዚህ እጽፈው ነበር።

ከኋላ የአንዲት እናት ድምፅ መጣ። «የእኛስ? ስንት የመርዶ ወረቀት ነው የያዝከው?»

ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ቤት ገባ። ሁሉም አየው።

አሥራ አምስቱ ቀን ሲያልቅ አሰለፈች፣ ኮሚቴው አስቀድሞ ባስገባው ክስ ፍርድ ሸንጎ ቀረበች። ገብረወልድ አልመጣም፤ ኮሚቴውም ሌላ ሰው አልላከም። ዳኞቹ ሁለት ጊዜ ቀጥረው፣ ከሳሽ ስላልቀረበ ብለው መዝገቡን ዘጉት። ቤቱ ቀረላት።

ሱሪዎቹን ሊወስድ የመጣ አልነበረም፤ እሷም ወደ ማንም ደጅ አልሄደችም። ከዚያ በኋላ ግን አሰለፈች የታጠፈ ነገር በእጇ ይዛ መንገድ ላይ ከታየች፣ በሮች ከፊቷ ተራ በተራ ይዘጋሉ፤ መቀርቀሪያ ሲወድቅ ከሩቅ ይሰማል። ስለዚህ የራሷን አንሶላ እንኳ ከማስጫው ስታመጣ ሳታጥፍ፣ ትከሻዋ ላይ ዘርግታ፣ እጆቿ ባዶ መሆናቸውን ለሰው እያሳየች መሄድ ለመደች።