ሁለት ደቂቃ የሚሉት ሰውዬ

መናኸሪያው ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፣ «ሁለት ደቂቃ» ነው የሚሉት። ደላላ ነው፤ ሻንጣውን አንድም ቀን ራሱ ጠብቆ አያውቅም። ሰው አመራረጡን ብታዩ ያቅለሸልሻችኋል። የቆመን አይጠይቅም፣ የሚቸኩልን አይጠይቅም። ብቻዋን የተቀመጠች እናት ፈልጎ አጠገቧ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ ያወራል፤ ከዚያ ድምፁን እንደታመመ ድመት አቅጥኖ፣ «እማማ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ፣ ሁለት ደቂቃ ይቺን ያዩልኛል?» ይላል። ልመናው ትንሽ፣ ምክንያቱ የሰው ሁሉ፤ ማን እምቢ ይለዋል?

ባለፈው የያዘው አንዲት ልብስ ሰፊን ነው። ልጇን ምጥ ይዟት ልትደርስላት ነበር የምትጓዘው። አውቶቡሷ ሞተር ሲያስነሳ ሰውዬው የለም። አጠገቧ የተቀመጠውን ጎልማሳ፣ «ወንድሜ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ይቺን ሻንጣ እያት» አለችው።

«ያንቺ ናት?»

«አይ፣ የሰው ናት።»

«እንግዲያ እኔን አታስገቢኝ እህቴ፤ ውስጧ ምን እንዳለ አንቺም አታውቂም።»

እውነቱን ነው። ሰው ያንተን ሻንጣ ይጠብቅልሃል፣ የሌላውን ግን ከእጅህ አይቀበልህም።

«ጥለሻት ሂጂ እንጂ» አላት።

«አደራ በላ ልባል?» ብላ ቀረች። አውቶቡሱ ሄደ፤ ቀጣዩ ለነገ ነው።

ሰውዬው ጢሙን ተላጭቶ፣ ሽቶ ለቅልቆ መጣ። «ቆየሁ እንዴ እማማ? ወረፋ ነበር።»

«ቀረሁ ልጄ። ስልክህን ስጠኝና ሴት ልጄ ጋ ልደውል።»

«ውይ፣ እየቸኮልኩ ነው» ብሎ ሻንጣውን አንጠለጠለ።

ሙልጭ ያለ ጉንጩን እያሻሸ ሲወጣ፣ ጎልማሳው ምራቁን ጢቅ አደረገና የራሱን ስልክ ሰጣት።