ጥፋቱ የእኛ ነው ያልንበት መልእክት

ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ የስልክ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ሽፋንና ቻርጀር እንሸጣለን፤ የምንኖረው ግን ካርድ በመላክ ነው። እዚህ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ስልኳ ላይ ያለውን የእኛን አፕ ትከፍታለች፣ የእናቷን ወይም የልጇን ቁጥር ትመርጣለች፣ አገር ቤት ያለው ስልክ ላይ የኢንተርኔት ጥቅል ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከጀርባው ያለውን ግን ደንበኛ አያውቀውም። እኛ ካርዱን የምናገኘው ውጭ አገር ካለ አንድ ትልቅ አከፋፋይ ነው፤ እሱ ዘንድ ገንዘብ ቀድመን እናስቀምጣለን፣ አንዷ በላከች ቁጥር ከዚያ ላይ ይቆረጣል። ያስቀመጥነው ካለቀ ትዕዛዙ ይንጠለጠላል። አፑ ግን "ተቀብለናል" ብሎ ዝም ይላል።

የሱቁ ባለቤት ጅዳ ተወልዶ ያደገ የወሎ ልጅ ነው። አማርኛ ይገባዋል፣ ሲናገረው ግን ይሰባብረዋል። እኔን "ኻላ" ነው የሚለኝ፣ አክስት ማለቱ ነው። እኔም ኮምቦልቻ ያደግሁ ክርስቲያን ብሆንም እንደ እህቱ ልጅ ነው የማየው፤ ስለዚህ ስቆጣው አልሳሳለትም።

ያን ሰሞን ሐሙስ ለት፣ "አንተ ልጅ፣ አከፋፋዩ ጋ ያለን ሒሳብ ወርዷል፤ ባንክ ሳይዘጋ አስገባ" አልኩት። ዓርብና ቅዳሜ ባንክ እረፍት ነው፤ ወደ ውጭ የሚላክ ገንዘብ እስከ እሑድ አይንቀሳቀስም።

"ኻላስ፣ እሺ ኻላ፣ አስገባለሁ" አለኝ። ስልኩ ላይ ጨዋታ እያየ ነበር።

አላስገባም። ረስቶት ነው። ዓርብ ሱቅ የምንከፍተው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ስገባ የሱቁ ስልክ በመልእክት ተጨናንቆ ጠበቀኝ። "ካርዱ አልገባም"፣ "እህቴ ምነው ዘጋችሁን?"፣ "ኧረ በአላህ መልሱልን!" አንዷማ እየዘፈነች ነው የሰደበችን። ኮምፒውተሩን ብከፍተው ከጠዋት ጀምሮ የታዘዘው ሁሉ ተንጠልጥሏል። አፉን ከፍቶ የሚያየኝን ልጅ አንቄ ብይዘው በወደድኩ። እኔ ላይ ያለው ወቀሳ ይሁን፤ ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ግን ስልክ የሚያገኙት በሳምንት አንዴ ዓርብ ነው፣ ያውም አሠሪያቸው፣ ማዳሟ፣ ከፈቀደች።

እሑድ ገንዘቡ ገባ፣ የተንጠለጠለውም ሁሉ አንድ ባንድ ሄደ። ልጁ ላቡን ጠረገና ለደንበኞች የምንልከውን መልእክት ጽፎ አሳየኝ። በዐረብኛ ጽፎ በማሽን ያስተረጎመው ነው። "ከአቅማችን በላይ በሆነ ቴክኒካዊ ምክንያት፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ በኩል ባለው የኔትወርክ ችግር..." ይላል።

"የኢትዮጵያ ኔትወርክ ምን አደረገህ?" አልኩት።

"ኻላ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል። ያምናሉ።"

"ማመናቸውማ ያምናሉ! እኮ ለዚህ ነው የምቃጠለው። ምስኪኗ ኔትወርክ፣ አፍ የላት አትመልስ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወንበሩን ሳብኩና አጠገቡ ተቀምጬ እኔው ጻፍኩት፤ ብዙዎቹ ስለማያነቡ ደግሞ በድምፄ ቀዳሁት። እንዲህ ነበር ያልኩት፦

"እህቶቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከዓርብ ጠዋት እስከ እሑድ የላካችሁት ካርድ በሰዓቱ አልደረሰም። የእናንተ ስልክ አልተበላሸም፣ የቤተሰብም ስልክ ችግር የለበትም፣ ኔትወርክም አይደለም። እኛ በጊዜው መክፈል የነበረብንን አልከፈልንም። ጥፋቱ የእኛ ነው። የታዘዘው ሁሉ አሁን ገብቷል፤ ያልገባላችሁ ካለ ንገሩን፣ ገንዘባችሁን እንመልሳለን። እስከ ወሩ መጨረሻ ከምትልኩት ካርድ ላይ አስር በመቶ ቀንሰናል፤ አፑ ራሱ ይቀንሳል፣ ምንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ትንሽ እንደሆነ እናውቃለን፤ ያመለጣችሁን ሰዓት አይመልስም። አፉ በሉን።"

ልጁ ሁለቴ አዳመጠው። "'አልከፈልንም' የሚለውን አውጪው፣ ያሳፍራል" አለ።

"ያሳፍር! የሚያሳፍር ነገር አይደል እንዴ ያደረግነው?"

ጆሮውን አከከ። "ያላ፣ ላኪው" አለኝ በመጨረሻ።

መልሱ ይመጣ ጀመር። ኑዝላ ሰፈር ያለች አንዷ፣ "አስር በመቶ? ለማስቲካ ትሆነኛለች" ብላ ሳቀችብን። የወሎዎቹ ግን፣ "አፉ ብለናል፣ እናንተም አፉ በሉን" እያሉ ዱዓ አወረዱልን። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

የሚቀጥለው ዓርብ ከመካ አንድ የድምፅ መልእክት መጣ። የቆየች ደንበኛችን ናት። እኔ በአካል አይቻት አላውቅም፣ ድምፅዋን ግን እንደ ዘመድ ድምፅ እለየዋለሁ። ከታላቁ መስጊድ፣ ከሐረም አጠገብ ካለ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልኳን ማዳሟ ይዛ ዓርብ ዓርብ ብቻ ትሰጣታለች፣ ከጠዋት ፀሐይ እስክትገባ፣ እስከ መግሪብ። ሲሟ ላይ ካርድ የላትም፣ በቤቱ ዋይፋይ ነው የምትደውለው።

"እህቴ" አለች፣ "ቅናሹ ይቅርብኝ። አላህ ይስጥልን፣ ለሌላ ስጡት። እኔ የምለምንሽ ሌላ ነው። ያን ለኛ የላክሽውን ቃል ለልጄ ንገሪልኝ።"

ደወልኩላት። እያለቀሰች ነበር የነገረችኝ። ያቺ ካርድ ያልገባባት ዓርብ የሴት ልጇ ኒካህ የሚታሰርባት ቀን ነበረች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሙሽራውን አልወደደችውም፤ "እኔ ሳልኖር እንዳታገቢው" ብላ አምና ተጣልተዋል። በኋላ ሽማግሌ ገባ፣ ልቧም ራራ፣ "እሺ፣ በኒካሁ ሰዓት በቪዲዮ ደውዬ ዱዓ አደርግልሻለሁ" ብላ ቃል ገባች። የልጅቱ ስልክ ኢንተርኔት የለውም፤ ጥቅሉን የምትልከው እናትየዋ ናት። ዓርብ ጠዋት ስልኳን እንደተቀበለች መጀመሪያ ያደረገችው እሱን መላክ ነው። አፑ "ተቀብለናል" አላት። ከዚያ ብትደውል ብትደውል አይጠራም። ወዲያ በኩል ሽማግሌዎቹ አዛን ካለ በኋላም ጠበቁ፣ ሙሽራዋ ስልኩን ይዛ ጠበቀች፣ የለም። ያለ እናቷ ድምፅ ኒካህ ታሰረ።

"አሁን ኢንተርኔቷ ገብቷል፣ ስደውል ግን አታነሳም" አለችኝ። "አክስቷን ስጠይቃት፣ 'እማ ልቧ ሳይወድ እሺ አለችኝ፣ በኒካሄ ቀን ቀጣችኝ' ብላለች አሉ። እኔ ልጄን በሰርጓ ቀን እቀጣለሁ? አንቺ ንገሪኝ፣ እናት ይህን ታደርጋለች?"

አብሬያት አለቀስኩ። የላክሁትን መልእክት ለልጅቱ እንድታስተላልፍላት ነገርኳት፤ እሱንማ ልካው ኖሯል። ልጅቱ ሰምታዋለች፣ ግን በጽሑፍ ብቻ መልሳ "እሱ ለሁሉም የተባለ ነው፤ አንቺ መላክሽን በምን አውቃለሁ?" ብላታለች። እውነቷን ነው። ከብዙ ሰው መካከል እናቷ አለችበት ወይ የለችበትም፣ መልእክቱ አይናገርም።

ለሱቁ ባለቤት፣ ለልጁ፣ ነገርኩት። ሰማኝና ፊቱ ሌላ ሆነ። እኔ እንደለመድኩት ልቀዳ ስልኩን ሳነሳ እጄን ያዘኝ።

"ኻላ፣ አንቺ አይደለሽም ያጠፋሽው" አለ።

"አማርኛህ ያስቃታል እኮ።"

"ትሳቅ።"

ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ የእናትየዋን ትዕዛዝ ፈለገው፣ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ግድግዳው ዞረ። ስልኩን አፉ አጠገብ አድርጎ ቀዳ።

"እህቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ... ሱቁ የኔ ነው። እናትሽ ላንቺ ልካለች። እኔ ሐሙስ ገንዘብ ማስገባት አለብኝ፣ ረሳሁ። እሷ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ። አፉ በይኝ። ሰርግሽን... እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

ሲጨርስ "በደንብ አልተናገርኩም፣ አይደል?" አለኝ። እኔ ግን ስንት ዓመት ስቆጣው የኖርኩትን ልጅ ያን ቀን አከበርኩት፤ ጭንቅላቱን ይዤ ግንባሩን ሳምኩት።

ላክነው። እሷ ታዳምጠው አታዳምጠው አናውቅም። አንድ ደንበኛ ቻርጀር ገዝቶ ወጣ። ልጁ ስልኩን ከእጁ አላወርድ አለ፣ እኔም ከዓይኔ። መግሪብ እየደረሰ ነው፣ መካ ያለችው እናት ስልኳን ልትቀማ ነው።

መልሱ መጣ። አጭር የድምፅ መልእክት ናት፤ መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ የልጅቱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦

"የላከችው ከኒካሁ በፊት ነው፣ ወይስ በኋላ?"

ልጁ እኔን አየኝ። ይህን ጥያቄ አልጠበቅነውም። ያን ሁሉ ተናግሮ ሰዓቱን መናገር ዘንግቷል። እሷ ደግሞ ሌላ ምንም አልጠየቀችም፤ ይቅርታውንም ቅናሹንም አላነሳችም። እናቴ እያሰበችኝ ነው ያደረችው ወይስ ካለፈ በኋላ አፍራ ነው የላከችው፣ ማወቅ የፈለገችው ይህን ብቻ ነው።

"ከኒካሁ በፊት" አላት ልጁ። "ጠዋት። ጸሐይ ገና ሳይሞቅ። የዛን ቀን ከሁሉ ሰው በፊት የላከችው እናትሽ ናት።"

ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች መጡ፤ ሰምታዋለች። መልስ ግን የለም። ጠበቅን፣ አዛን አለ፣ ልጁ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ለሶላት ወጣ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። "እመቤቴ ሆይ፣ ታንሳላት" እላለሁ፣ ሌላ ቃል አጣሁ።

ስልኩ ጮኸ። ከመካ ነው። የድምፅ መልእክት፣ እናትየዋ፣ እየተቻኮለች፦

"ማዳም ስልኩን እየጠበቀችኝ ነው፣ ልዝጋ። ደወለች! ራሷ ነች የደወለችው። ለኒካሁ ያዘጋጀሁትን ዱዓ አንድም ሳላስቀር አልኩላት። አሚን አለችኝ፣ እህቴ። ባሏም ከጎኗ ሆኖ አሚን አለኝ።"